ሳምንታዊው ሲወርድ፣ ዕለታዊው ሲወጣ፦ ሦስት ቻርትን አስማምቶ የመግባት ዝርዝር መመሪያ

ፎሬክስ ላይ ሦስት ቻርት ከፍቶ የሚነግድ ሰው ይህን ጭንቅ ያውቀዋል። ሳምንታዊው ቻርት ወደ ታች ነው። ዕለታዊው ለሁለት ሳምንት ወደ ላይ ሲሄድ ቆይቷል። የአንድ ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ወርዷል። የትኛውን ልመን?

ብዙ ሰው ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እስኪያዩ ይጠብቃል። ያ ጊዜ ሲመጣ ግን እንቅስቃሴው አብዛኛውን ጊዜ አልቋል። ሳምንታዊው፣ ዕለታዊውና የአንድ ሰዓቱ አብረው በኃይል ሲወርዱ የሚሸጥ ሰው ወለሉ አጠገብ ሊሸጥ ይችላል። ስቶፕ ሎሱን የሚያስቀምጥበት ቅርብ ቦታም አያገኝም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የሳምንታዊውና የዕለታዊው ቻርት መጋጨት ችግር አይደለም። ዕድሉ የሚገኘው እዚያው ግጭት ውስጥ ነው። ሳምንታዊው ወደ ታች ሆኖ ዕለታዊው ሲወጣ፣ ዋጋው ጥሩ መሸጫ ወዳለበት እየመጣ ነው ማለት ነው። የእኛ ሥራ ዕለታዊው የት ሲደርስ እንደሚደክም ቀድሞ ማወቅ ነው። ከዚያ የአንድ ሰዓቱ ቻርት ድካሙን እስኪያሳየን እንጠብቃለን።

ይህ እንዲሠራ እያንዳንዱ ቻርት አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ሳምንታዊው «በየት አቅጣጫ?» ለሚለው ይመልሳል። ዕለታዊው «ከየት ቦታ?» ለሚለው፣ የአንድ ሰዓቱ ደግሞ «መቼ?» ለሚለው። የአንድ ሰዓቱ ቻርት ስለ አቅጣጫ ድምፅ የለውም። አብዛኛው መምታታት የሚመጣው ይህን ድምፅ ስንሰጠው ነው።

በእውነተኛ ገበያ እንየው። በ2022 በፈረንጆቹ በጋ የነበረውን EUR/USD እወስዳለሁ። ቻርታችሁን ወደ ኋላ መልሳችሁ አብራችሁኝ ተመልከቱ። ዋጋዎቹ ከብሮከር ብሮከር ጥቂት ፒፕ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የካንድሉ ሰዓት

ዕለታዊ ካንድል የሚዘጋው ብሮከሩ ሰርቨሩን ባስተካከለበት ሰዓት ነው። በፎሬክስ የተለመደው መዝጊያ የኒውዮርክ 11 ሰዓት ከሰዓት ነው። አሜሪካኖች የበጋ ሰዓት ላይ ሲሆኑ ይህ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ደግሞ 7 ሰዓት ይሆናል።

ብሮከራችሁ ሌላ ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ ዕለታዊ ቻርቱ ላይ ትንሽ የእሁድ ካንድል ታያላችሁ። ሳምንቱ አምስት መሆኑ ቀርቶ ስድስት ካንድል ይኖረዋል። ያቺ ካንድል የጥቂት ሰዓት ንግድ ብቻ ናት። እንደ ሙሉ ቀን ስትቆጠር ግን አማካዮችን ታዛባለች፣ የሌለ ምልክትም ትፈጥራለች። አምስት ካንድል የሚያሳይ ቻርት ተጠቀሙ።

ሌላው ያልተዘጋ ካንድልን አለማንበብ ነው። ሳምንታዊ ካንድል ረቡዕ ላይ አረንጓዴ ሆኖ አርብ ቀይ ሆኖ ሊዘጋ ይችላል። ረቡዕ ያያችሁት አቅጣጫ አርብ የለም። ስለዚህ ሳምንታዊው የሚነበበው ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ገበያው ተዘግቶ ነው። ዕለታዊው የሚነበበው ከሌሊቱ መዝጊያ በኋላ ነው። ጠዋት ስትነሱ ማየት ይበቃል። የአንድ ሰዓቱም ሰዓቱ ሲሞላ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ አቅጣጫውን ከሳምንታዊው መውሰድ

W1 ክፈቱ። ኢንዲኬተሮቹን በሙሉ አንሱ። ዋጋ ወጥቶ የተመለሰበትን ቦታ ጫፍ፣ ወርዶ የተነሳበትን ደግሞ ወለል እላለሁ። ያለፉትን ጥቂት ጫፎችና ወለሎች በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፉ።

በ2022 ኦገስት መጀመሪያ ላይ የነበረ ሰው እንዲህ ይጽፋል። ጫፎቹ በፌብሩዋሪ 1.15 አካባቢ፣ በማርች መጨረሻ 1.12 አካባቢ፣ በሜይ መጨረሻ 1.079 አካባቢ፣ በጁን መጨረሻ 1.0615 አካባቢ ናቸው። ወለሎቹ ደግሞ በማርች 1.08 አካባቢ፣ በሜይና በጁን 1.035 አካባቢ፣ በጁላይ 14 0.9952 አካባቢ ናቸው። እያንዳንዱ ጫፍ ካለፈው ያነሰ ነው። ወለሎቹም እየወረዱ ነው። መልሱ «ወደ ታች» ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ እየጨመረ የነበረበት፣ አውሮፓ ደግሞ በጋዝ ዋጋ የተጨነቀበት ጊዜ ስለነበር ምክንያቱም አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ግን ጫፍና ወለሉ ይበቃል።

ሳምንታዊው ሦስት መልስ ብቻ አለው፦ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አይታወቅም። ጫፉ ከፍ ብሎ ወለሉ ዝቅ ካለ፣ ወይም ዋጋው በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተመላለሰ መልሱ «አይታወቅም» ነው። በዚያ ሳምንት ያንን ገበያ እንተወዋለን። ዕለታዊው ምንም ያህል ቢያምር አንነካውም።

አሁን አንድ ተጨማሪ ቁጥር ጻፉ። ይህ መልስ የሚሰረዘው የት ነው? ለቁልቁለት የሚሰረዝበት ቦታ ከመጨረሻው ወለል በፊት የነበረው ጫፍ ነው። በእኛ ምሳሌ 1.0615 ነው። ሳምንታዊ ካንድል ከዚያ በላይ እስካልተዘጋ ድረስ አቅጣጫው አይቀየርም። ይህን ቁጥር ያልጻፈ ሰው በየቀኑ ሐሳቡን ይቀያይራል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ቦታውን በዕለታዊው ማዘጋጀት

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊወስድባችሁ ይገባል። ዋጋው ሊመለስበት የሚችል ጥሩ ዞን የሌለው ሰው የአንድ ሰዓቱ ቻርት ላይ በየቀኑ ምልክት ያገኛል።

D1 ክፈቱ። የምንፈልገው ዋጋው ከሳምንታዊው አቅጣጫ በተቃራኒ ሲጓዝ ነው። ነጋዴው ፑልባክ የሚለው ይህን ነው። ከጁላይ 14 ጀምሮ ዩሮ ከ0.9952 ተነስቶ እየወጣ ነበር። ዕለታዊውን ብቻ የሚያይ ሰው «ገበያው ተገለበጠ» ይላል። እኛ ግን የት ሊቆም ይችላል ብለን እንጠይቃለን።

ጥሩ ዞን የሚገኘው በሳምንታዊው ላይ ዋጋው የተመለሰበት ቦታ በዕለታዊውም ላይ ሲታይ ነው። እዚህ 1.035 ወዲያው ዓይን ይገባል። በሜይ አጋማሽ ዋጋው 1.0349 አካባቢ ደርሶ ተነሳ። በጁን አጋማሽም እዚያው አጠገብ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ይዞ የነበረ ሰፖርት ነው። በጁላይ 5 ግን ተሰበረ፣ ሳምንቱም ከሥሩ ተዘጋ። እዚያ የገዙ ሰዎች ኪሳራ ላይ ናቸው። ዋጋው ሲመለስላቸው ብዙዎቹ በዜሮ ለመውጣት ይሸጣሉ። ከእነሱ ጋር ቁልቁለቱ ያመለጣቸው ሻጮችም ይጠብቃሉ። የተሰበረ ሰፖርት ሬዚስታንስ የሚሆነው በዚህ ነው።

ዞን እንጂ መስመር አታስምሩ። ዩሮ በዚያ በጋ በቀን በአማካይ ወደ 100 ፒፕ ይንቀሳቀስ ነበር። ከ10 ፒፕ ያልበለጠ ዞን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታለፋል። 300 ፒፕ የሚሰፋ ዞን ደግሞ ዞን መሆኑ ይቀራል። የአንድ ቀን አማካይ እንቅስቃሴ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይመቻል። ስለዚህ ከ1.0320 እስከ 1.0380 እናስምር።

ዞኑን ካሰመራችሁ በኋላ ማንቂያ አስቀምጡና ቻርቱን ዝጉ። ዋጋው 1.01 ላይ እያለ የአንድ ሰዓቱን ቻርት ማየት አያስፈልግም። እዚያ ያለው ምልክት ሁሉ የእናንተ አይደለም።

ዋጋው ዞኑ ውስጥ ሲገባም ወዲያው አይሸጥም። ዕለታዊ ካንድል እንዴት እንደተዘጋ ይታያል። ከዞኑ በላይ ሙሉ ሆኖ ከተዘጋ ዞኑ አልያዘም፤ ዝግጅቱ ተሰርዟል። ዞኑን ነክቶ ከሥሩ ከተዘጋ ሻጭ መጥቷል ማለት ነው።

ኦገስት 10 የሆነው ይህ ነው። በዚያ ቀን የአሜሪካ የዋጋ ንረት መረጃ ወጣ። ከጁን 9.1 በመቶ ወደ 8.5 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ከተጠበቀውም ያነሰ ነው። ዶላር ተመታ። ዩሮ በኃይል ተወርውሮ 1.0369 አካባቢ ደረሰ። በዚያ ሰዓት የአንድ ሰዓቱን ቻርት ብቻ የሚያይ ሰው ግዙ የሚል ትልቅ አረንጓዴ ካንድል ነበር የሚያየው። ዕለታዊው ካንድል ግን ሲዘጋ 1.03 አካባቢ ነበር። ከላይ ረጅም ጭራ ትቶ ከዞኑ ሥር ተመልሷል። በማግስቱ ኦገስት 11 እንደገና ሞከረ። 1.0364 አካባቢ ደርሶ አሁንም አልቻለም። ለዶላር ይህን ያህል መጥፎ ዜና ወጥቶ ዩሮ ዞኑን ማለፍ ካቃተው፣ ዞኑ ጠንካራ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በአንድ ሰዓቱ መግባት

አሁን ብቻ H1 ክፈቱ። የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ዋጋውን ወደ ዞኑ ያመጣው ትንሹ ሽቅብ መሰበር አለበት። ሽቅብ የሚሰበረው የመጨረሻው ወለሉ ሲሰበር ነው። አንድ ቀይ ካንድል፣ ሁለት ቀይ ካንድል ማስረጃ አይሆንም።

በኦገስት 10 እና 11 መካከል ዋጋው 1.0369 ከነካ በኋላ ወደ 1.0275 አካባቢ ወረደ፣ ከዚያ ወደ 1.0364 ተመለሰ። ሁለተኛው ጫፍ ከመጀመሪያው ትንሽ ያንሳል። መካከል ያለው ወለል 1.0275 ነው። ስለዚህ ሁኔታው ግልጽ ነው። የአንድ ሰዓት ካንድል ከ1.0275 በታች ከተዘጋ እንሸጣለን። ካልተዘጋ አንሸጥም። ለቅጽበት ወርዶ የሚመለስ ጭራ አይቆጠርም፤ መዘጋት አለበት።

አርብ ኦገስት 12 ተሰበረ። መግቢያችንን 1.0265 እንበል። ስቶፕ ሎስ ከዚያ ቀን ጫፍ በላይ ይሄዳል። የቀኑ ጫፍ 1.0328 አካባቢ ስለነበር 1.0335 ላይ እናድርገው። ርቀቱ 70 ፒፕ ነው። ዒላማው የሚመጣው ከዕለታዊው ነው። የጁላይ ወለል 0.9952 ነው። ከእሱ ትንሽ ቀድመን 0.9960 ላይ እናስቀምጥ። ርቀቱ 305 ፒፕ ነው። ለአንድ ዶላር ስጋት ከአራት ዶላር በላይ ማለት ነው። ይህን ሬሾ የሰጠን ስቶፑን ከትንሹ ቻርት፣ ዒላማውን ከትልቁ ቻርት መውሰዳችን ነው።

ሎቱን አሁን አስሉ። 1,000 ዶላር አካውንት ያለው ሰው በአንድ ንግድ 1 በመቶ ቢያጋልጥ 10 ዶላር ነው። በዩሮ/ዶላር 0.01 ሎት በፒፕ 10 ሳንቲም ነው። በ70 ፒፕ 7 ዶላር ይሆናል። 0.02 ቢያደርግ 14 ዶላር ነው፣ ከገደቡ ያልፋል። ስለዚህ 0.01 ነው። ብዙ ሰው እዚህ «ትንሽ ነው» ብሎ ሎቱን ይጨምራል፣ ወይም ስቶፑን ወደ 20 ፒፕ ያጠብባል። በ100 ፒፕ የሚንቀሳቀስ ገበያ ውስጥ 20 ፒፕ ስቶፕ ትንተናው ትክክል ሆኖም ይመታል።

ስለ ሰዓትም ልበል። የአንድ ሰዓት ምልክት እኩል ዋጋ የለውም። የለንደን ገበያ በፈረንጆቹ በጋ በኢትዮጵያ ጠዋት 4 ሰዓት ይከፈታል። የአሜሪካ ዋና ዋና መረጃዎች በበጋቸው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። ከለንደን መክፈቻ እስከ ምሽት ያለው ሰበራ ከበስተኋላው ገዢና ሻጭ አለው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሆነው ግን በዩሮ ላይ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። መረጃው በወጣበት ሰዓት ካንድል ላይም አትግቡ። ስፕሬዱ ይሰፋል፣ ስቶፑም ካስቀመጣችሁበት ርቆ ሊዘጋ ይችላል። የሚቀጥለው ካንድል እስኪዘጋ ጠብቁ።

ከገባችሁ በኋላ የሚመጣው ግጭት

ሰው ሁሉ የመግቢያውን ግጭት ያወራል። የበለጠ ገንዘብ የሚጠፋው ግን ከተገባ በኋላ ነው።

በምሳሌያችን ሰኞ ኦገስት 15 ዋጋው 1.016 አካባቢ ደረሰ። ጥሩ ሄደ። ከዚያ ማክሰኞ 1.0122 ከነካ በኋላ እስከ ረቡዕ 1.0203 ድረስ ወጣ። ወደ 80 ፒፕ ነው። የአንድ ሰዓቱ ቻርት ላይ ይህ ሙሉ ሽቅብ ይመስላል። ጫፉ ይጨምራል፣ ወለሉም ይጨምራል። እዚያ ያፈጠጠ ሰው ትርፉን ይዞ ይወጣል።

ዕለታዊው ላይ ግን ምንም አልሆነም። ሁለት ትንንሽ ካንድል ብቻ ናቸው። የአንድ ሰዓቱ ቻርት ሥራው መግቢያ ላይ አልቋል። ከገባችሁ በኋላ ንግዱን የሚመራው ዕለታዊው ነው። ስቶፑም የሚንቀሳቀሰው ዕለታዊው አዲስ ዝቅ ያለ ጫፍ ሲሠራ ነው። ዋጋው በኦገስት 22 ከ0.9960 በታች ወርዶ ዒላማው ተነካ።

የዚህ ተቃራኒም አለ፣ ከዚህም ይብሳል። በአንድ ሰዓቱ ምልክት ገብቶ ስቶፑ ሊመታ ሲል «ሳምንታዊው እኮ ቁልቁለት ነው» ብሎ ስቶፑን ማንሳት። የ70 ፒፕ ንግድ በአንድ ሌሊት የ350 ፒፕ ንግድ ይሆናል፤ ሎቱ ግን ለ70 የተሰላ ነው። ሳምንታዊው ትክክል ሆኖ የእናንተ መግቢያ ሊሳሳት ይችላል። ስቶፑ ይመታ። ዞኑ በዕለታዊ መዝጊያ ካልተሰበረ የአንድ ሰዓቱ ቻርት እንደገና ዕድል ሊሰጥ ይችላል። በአንድ ዞን ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አትሞክሩ።

ምልክቶቹ ሲጋጩ ምን እናድርግ?

ሳምንታዊው ወደ ታች፣ ዕለታዊው እየወጣ፣ ዋጋው ግን ዞኑ ጋ ካልደረሰ ጠብቁ። ዞኑ ውስጥ ደርሶ የአንድ ሰዓቱ አሁንም ሽቅብ ከሆነ አሁንም ጠብቁ። ዞኑ ውስጥ ሆኖ የአንድ ሰዓቱ ከተሰበረ ግቡ። ዕለታዊው ከዞኑ በላይ ከተዘጋ ዝግጅቱን ሰርዙና ከ1.0615 በታች ሌላ ዞን ካለ ፈልጉ። ዋጋው ዞኑን ሳይነካ ከወረደ ደግሞ አትከተሉት።

ስለ ኢንዲኬተር ሁልጊዜ ጥያቄ ይመጣል። አርኤስአይን በሦስቱም ቻርት ላይ ማድረግ ሦስት ማስረጃ አይሰጥም። ሁሉም የሚሰላው ከዚያው ዋጋ ነው። ሳምንታዊው 35፣ ዕለታዊው 68፣ የአንድ ሰዓቱ 50 ይላል፤ ከዚያ የትኛው ትክክል እንደሆነ ትከራከራላችሁ። መጠቀም ከፈለጋችሁ አንድ ኢንዲኬተር በአንድ ቻርት ላይ ብቻ ይሁን። የአራት ሰዓቱን ቻርት ለሚጠይቁ፦ ዞኑን ለማጥራት ይረዳል፣ የራሱ ድምፅ ግን አይሰጠው።

ዘዴው የሚዘገይበት ቦታ

ሳምንታዊ አቅጣጫ ሲገለበጥ ይህ ዘዴ መገልበጡን ቶሎ አይነግራችሁም። ዩሮ በ2022 ሴፕቴምበር 28 0.9536 አካባቢ ወለሉን ነካ። ከዚያ ወለል በፊት የነበረው ሳምንታዊ ጫፍ በሴፕቴምበር 12 የተሠራው 1.0198 ነው። የመሰረዣው ቁጥር ይህ ነበር። ሳምንታዊ ካንድል ከዚያ በላይ የተዘጋው ኖቬምበር 11 ነው። በዚያ ሳምንት አሜሪካ 7.7 በመቶ የዋጋ ንረት አሳወቀች፤ ዩሮ 1.035 አካባቢ ዘጋ። ከወለሉ እስከዚያ ወደ 800 ፒፕ ሄዷል። በኖቬምበር መጀመሪያ የተገባ ሽያጭ ስቶፑ ይመታ ነበር። ይህ የዘዴው ዋጋ ነው፤ 1 በመቶ ብቻ የምናጋልጠውም ለዚህ ነው።

ከኖቬምበር 11 በኋላም መልሱ ወዲያው «ወደ ላይ» አይሆንም። «አይታወቅም» ነው። ዋጋው ወደ 1.0223 አካባቢ ወርዶ ከፍ ያለ ወለል ሠራ። ከዚያ በዲሴምበር 2 ያለቀው ሳምንት ከኖቬምበር 15ቱ ጫፍ ከ1.0481 በላይ ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዕለታዊው ሲወርድ የመግዣ ዞን የሚሰመረው፣ የአንድ ሰዓቱም ወደ ላይ እስኪሰበር የሚጠበቀው።